«በረዶው አይበቃም ብለውኝ ነበር»፦ ስለ ሥራ ውድቀት ለሚቀርብ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ የጉዳይ ጥናት

እጩዋ ወደ እኔ የመጣችው ለቃለ መጠይቁ ስድስት ቀን ሲቀራት ነው። ባሕር ዳር የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ለአቅርቦትና ስርጭት ባለሙያነት ያወጣውን የጽሑፍ ፈተና አልፋ ለቃል ፈተና ተጠርታ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከጣና ዓሣ እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ በሚልክ የግል ድርጅት ውስጥ ለሦስት ዓመት ተኩል በስምሪት ሠራተኛነት አገልግላለች። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ላይ ስለቆየሁ በብዙ የቅጥር ኮሚቴዎች ተቀምጫለሁ፤ ከእናቷ ጋርም የቆየን ጎረቤታሞች ነን። «ጋሼ፣ ሌላውን ጥያቄ እንደምንም እወጣዋለሁ፤ በሥራሽ ላይ የወደቅሽበትን ንገሪን ካሉኝ ግን ምን እንደምል አላውቅም» አለችኝ። በሦስት ምሽቶች ተቀምጠን የሠራነውን እዚህ የማቀርበው በእሷ ፈቃድ ሲሆን፣ የሁለቱንም መሥሪያ ቤቶች ስም ትቻለሁ።

በመጀመሪያ ጥያቄው ለምን እንደሚጠየቅ መስማማት ነበረብን፤ ምክንያቱም እሷ የፈራችው ኮሚቴው ጉድለቷን ፈልጎ ሊያወጣ እንደሆነ በማሰብ ነው። እኔ በተቀመጥሁባቸው ኮሚቴዎች ለሁሉም እጩዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ እናቀርብ ነበር፤ እያንዳንዱ አባልም ከሌላው ጋር ሳይነጋገር በየራሱ ወረቀት ነጥብ ይሰጣል። በዚህ ጥያቄ ጊዜ በወረቀቴ ዳር የምጽፋቸው አራት አጫጭር ነገሮች ነበሩ፦ ምን ወሰነ፣ መቼ ዐወቀ፣ ለማን ነገረ፣ ከዚያ በኋላ ምን ቀየረ። ስህተት እንደሠራ አስቀድመን እናውቃለን፤ ሥራ ሠርቶ ያልተሳሳተ ሰው የለም። ከትምህርት ማስረጃውም ሆነ ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ልናገኘው የማንችለው፣ ሰውየው ነገሩ መበላሸቱን ካወቀበት ሰዓት ጀምሮ ለአለቃው እስከ ነገረበት ሰዓት ድረስ ምን ሲያደርግ እንደቆየ ነው። ጥያቄው በዋናነት የሚፈልገው ይህን ነው።

ቀጥሎ የመጣው የትኛውን ውድቀት እንናገር የሚለው ነበር። እጩዋ ሦስት ነገሮች ይዛ መጥታለች። አንደኛው የወር ሪፖርት ሁለት ቀን ማዘግየቷ ነው፤ ይህን ወዲያው ተውነው፤ ማንም ያልተጎዳበትን ነገር ውድቀት ብሎ ማቅረብ ጥያቄውን መሸሽ እንደሆነ ኮሚቴው ይገባዋል። ሁለተኛው ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ተጋጭታ ለወራት ሳይነጋገሩ መቆየታቸው ነበር፤ ይህ እውነተኛ ቢሆንም ግማሹ የሌላ ሰው ጉዳይ ስለሆነ፣ ባልደረባዋ በሌለችበት ስለ እሷ ሳይናገሩ መተረክ አይቻልም። ሦስተኛውን ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ በአንድ የጾም ወቅት የተላከ ዓሣ መበላሸቱን ነው። ወጪ የደረሰበት ሰው አለ፤ ውሳኔው በእጇ ነበር፤ ነገሩ ተዘግቷል፤ የቀድሞ ሥራ አስኪያጇ በስልክ ቢጠየቁም የሚናገሩት ያንኑ ታሪክ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ከሁሉም አብልጬ እመለከተዋለሁ፤ የሥራ ልምድ በሚጣራበት ጊዜ ከሌላ አፍ ተለውጦ ሊሰማ የሚችል ታሪክ ለዚህ ጥያቄ አይሆንም።

አስቀድሜ የሆነውን ነገር ልዘርዝር፤ እኔ የሰማሁት ግን በዚህ ቅደም ተከተል እንዳልነበር አንባቢ ልብ ይበል።

ድርጅቱ ለአንድ የአዲስ አበባ ደንበኛ በየሳምንቱ 400 ኪሎ የቆሮሶና የአምባዛ ፊሌቶ ይልክ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሣ ፍላጎት ከፍ ስለሚል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ደንበኛው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ደውሎ በዚያው ቀን 700 ኪሎ እንዲጫንለት ጠየቀ። ዓሣው ነበር፤ አጥማጆቹ ከሌሊት ጀምሮ በጀልባም በታንኳም ያመጡት ብዙ ነው። እጩዋም በስልክ እሺ አለች። ያልጠየቀችው ስለ በረዶው ነው። በሞቃት አካባቢ ዓሣ ረጅም መንገድ ሲሄድ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ ገደማ በረዶ ያስፈልገዋል፤ በዚያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ የነበረው በረዶ 400 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። የበረዶ ማሽኑ ከአንድ ወር በላይ ሙሉ አቅሙን ሳይሰጥ የቆየ ሲሆን፣ ጥገናው በድርጅቱ ኃላፊዎች ሁለት ጊዜ ተላልፏል።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጭነት ሲጀመር፣ በዕድሜ የገፉት የመጋዘን ኃላፊ «ልጄ፣ በረዶው አይበቃም፤ ግማሹን ነገ እንላከው» አሏት። እሷም «ችግር የለም ጋሼ፤ መኪናው የሚያድረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ብርድ ነው» ብላ አስጫነች። 35 ሳጥን እያንዳንዱ 20 ኪሎ ይዞ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች የተለመደውን በረዶ አግኝተዋል፤ ወደ መጨረሻ የተሞሉት ግን ከላይ ብቻ ስስ ሆኖ የተነሰነሰ ነበር። ደብረ ማርቆስ በእርግጥ ብርድ ነው። ነገር ግን ከደጀን በኋላ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይ በረሃ ይገባል፤ የጭነት መኪናም እዚያ ጠመዝማዛውን በዝግታ ወርዶ፣ በዝግታ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። መኪናው በረሃውን ያቋረጠው በማግሥቱ ረፋድ፣ ፀሐይዋ ጠንክራ ሳለ ነው። አዲስ አበባ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲደርስ ደንበኛው ሳጥኖቹን እየከፈተ አሸተተ፤ ሥጋውን በጣቱ እየተጫነ ወደ ቦታው መመለስ አለመመለሱን አየ፤ 12 ሳጥን፣ ማለትም 240 ኪሎ፣ አልቀበልም ብሎ እጩዋ ዘንድ ደወለ። ለሥራ አስኪያጇ የነገረቻቸው በማግሥቱ ጠዋት ነው።

በመጀመሪያው ምሽት ግን የነገረችኝ እንዲህ ነበር፦ «በጾም ወቅት ትልቅ ትእዛዝ መጣ፤ የበረዶ ማሽኑም ተበላሽቶ ስለነበር በረዶ አነሰ፤ መንገድ ላይ ሙቀት ገጠመና የተወሰነው ዓሣ ተበላሸ፤ ከዚያ በኋላ በጋራ ተመካክረን የጥራት አሠራራችንን አሻሻልን።» እያንዳንዱን ቃል ብናጣራው ውሸት አይገኝበትም። ደግማ እንድትናገረው ጠየቅኋትና እኔ ግሶቹን ብቻ በወረቀት ጻፍሁ፦ መጣ፣ ተበላሸ፣ አነሰ፣ ገጠመ፣ ተበላሸ። ከዚያም «ከእነዚህ ውስጥ አንቺ ያደረግሽው የትኛው ነው?» አልኋት። አንድም አልነበረም። እሷ የምትታየው በመጨረሻው «አሻሻልን» ላይ ነው፤ እዚያም ከሌሎች ጋር።

ይህ የእሷ ብቻ ጠባይ አይደለም። አማርኛችን አድራጊውን ሳያነሣ ነገርን የሚተርክበት ሰፊ መንገድ አለው፤ ብርጭቆ «ተሰበረ» እንላለን፣ ሰዓት «ረፈደ» እንላለን፣ ስህተት «ተፈጠረ» እንላለን። በጉርብትናና በዕድር ይህ አነጋገር ጨዋነት ነው፤ ሰውን ፊት ለፊት ከመወንጀል ያድናል። በዚህ ጥያቄ ላይ ግን ኮሚቴው የሚፈልገውን አንድ ነገር፣ ማለትም ውሳኔውን፣ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አውጥቶ ይጥለዋል። በኮሚቴ ስቀመጥ እንዲህ ያለ መልስ ስሰማ እጩው ዋሽቷል አልልም ነበር፤ ከአራቱ ጥያቄዎቼ ፊት ለፊት ግን የምጽፈው ስለማይኖረኝ ባዶ ይቀራሉ፤ ባዶ የቀረ ቦታ ደግሞ ነጥብ አያገኝም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋት፦ «በረዶው እንደማይበቃ መቼ ዐወቅሽ?» ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ውስጥ የተሰማው ዝምታ ለእኔም ከብዶኝ ነበር። በመጨረሻም «ሳይጫን በፊት። በረዶው አይበቃም ብለውኝ ነበር» አለች፤ የመጋዘን ኃላፊውን ንግግር የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ሥራ አስኪያጇም ያወቁት ከመጋዘን ኃላፊው ነው።

ብዙ እጩዎች የሚደብቁት ውድቀቱን ራሱን ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን እንደሆነ በልምዴ አይቻለሁ። ኪሳራውን ይናገራሉ፤ ኪሳራውን የሚያስቀር ቃል አስቀድሞ ተነግሯቸው እንደነበር ግን ይተዉታል፤ ምክንያቱም ያለ ማስጠንቀቂያው ታሪኩ ስለ መጥፎ አጋጣሚ ነው፤ ከማስጠንቀቂያው ጋር ግን ስለ ውሳኔ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው መልሱን ሲያዘጋጅ ዋናውን ስፍራ ለማግኘት ከፈለገ፣ ከመበላሸቱ በፊት ማን ምን እንዳለው፣ የትኛውን ቁጥር አይቶ እንዳለፈ፣ የትኛውን ስልክ ሳይደውል እንደቀረ ወደ ኋላ ይፈልግ። እዚያ የሚያገኘው ነገር የመልሱ መካከል ነው።

በሁለተኛው ምሽት እጩዋ ሌላ መልስ ይዛ መጣች፤ በጣም ተለውጦ ነበር፤ ከሚገባው በላይም ተለውጦ ነበር። «ሙሉ በሙሉ የእኔ ጥፋት ነው፤ ግዴለሽ ነበርሁ፤ ለድርጅቱም ለደንበኛውም ከባድ ኪሳራ አደረስሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል» የሚል ነበር። ስትናገረው ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ስሜቷን አከበርሁት፤ መልሱን ግን አልተቀበልሁትም። እንዲህ ያለው ኑዛዜ ሾላ በድፍን ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ ስለሚጠቀልለው ውስጡ አይታይም። «ግዴለሽ ነበርሁ» የሚለው ስለ ጠባይ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ከዚያ ቀን ሥራዋ አንዱንም እርምጃ አያሳይም። እውነትም አይደለም፤ በዚያን ቀን የበደላት ግዴለሽነት ሳይሆን ለደንበኛው የሰጠችውን ቃል ላለማጠፍ የነበራት ጉጉት ነው። በተጨማሪም የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ አባላት የሚያለቅስ ሰው ሲያዩ ሊያጽናኑት ስለሚሞክሩ፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ ሳይጠይቁ ያልፉታል፤ ያ ለጊዜው ደግነት ቢመስልም እጩው ነጥብ የሚያገኝበትን ዕድል ይወስድበታል።

በዚህ መካከል የማሽኑ ጉዳይ አከራከረን። እሷ ከሁለተኛው መልስ ውስጥ ማሽኑን ጨርሳ አውጥታው ነበር፤ «ምክንያት ማብዛት ይሆንብኛል» አለችኝ። ጥገናውን ያዘገዩት ሌሎች መሆናቸው ግን እውነት ነው፤ እውነተኛ መልስ የራስን ድርሻ ማሳነስ እንደሌለበት ሁሉ የሌለውን ድርሻ መጨመርም የለበትም። የተስማማንበት መንገድ ለእኔም አዲስ ነበርና በዝርዝር ላስቀምጠው። «ማሽኑ ተበላሽቶ ስለነበር በረዶ አነሰ» ስትል ማሽኑ ምክንያት ይሆናል፤ «ማሽኑ ሙሉ አቅሙን እንደማይሰጥ ዐውቅ ነበር» ስትል ግን ያው ማሽን ያወቀችው ነገር ይሆናል። ሰሚው ማሽኑ ችግር እንደነበረበት በሁለቱም ይረዳል፤ በሁለተኛው ግን እሷ በእጇ የነበረውን መረጃ ይዛ ምን እንዳደረገች ለመስማት ይዘጋጃል። ከአቅም በላይ የነበረ ነገርን በመልስ ውስጥ ማስገባት ሲያስፈልግ፣ «ዐውቅ ነበር» ወይም «አላውቅም ነበር፤ ማወቅ ግን እችል ነበር» ከሚል ግስ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ማስገባት ይበቃል።

የመልሱ ቅደም ተከተልም መለወጥ ነበረበት። በሥልጠናዎች ላይ «ስታር» በሚል የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል የሚሰጠውን አወቃቀር እጩዋ ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ሁኔታውን፣ ቀጥሎ የተሰጠን ኃላፊነት፣ ከዚያ የወሰዱትን እርምጃ፣ በመጨረሻ ውጤቱን መናገር ማለት ነው። ስለ ስኬት ለሚቀርብ ጥያቄ ይህ ቅደም ተከተል ጥሩ ነው፤ ሰሚው ውጤቱን እየጠበቀ ይከተላል። ስለ ውድቀት ሲሆን ግን ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ሁኔታውን ስታብራራ አንድ ደቂቃ ተኩል ስለሚያልፍ ኮሚቴው ውድቀቱ የት እንዳለ እየፈለገ ይቆያል፤ በዚያ መካከልም ማብራሪያው ሁሉ ማስተባበያ ሆኖ ይሰማዋል። ሁለተኛ፣ ውጤቱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ተናጋሪው በመልካም ነገር ለመዝጋት ይገደዳል፤ ስለዚህም የደረሰው ጉዳት እየለሰለሰ ይሄዳል። እኛ ገለበጥነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ምን እንደጠፋና በማን ውሳኔ እንደጠፋ ይነገራል፤ ከዚያ ውሳኔውን ለመረዳት የግድ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ሁኔታ ይሰጣል፤ ከዚያ ከታወቀበት እስከ ተነገረበት ያለው ሰዓት፤ በመጨረሻ የተለወጠው አሠራርና ያ አሠራር አንድ ጊዜ የተፈተነበት ቀን ይከተላል።

በሦስተኛው ምሽት የተናገረችው እንደሚከተለው ነው። በሰዓት ስንለካው ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ወስዷል።

«በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ካስጫንሁት 700 ኪሎ ፊሌቶ 240 ኪሎው ተበላሽቶ ደንበኛው አልቀበልም አለ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ በቂ በረዶ ሳይኖር እንዲጫን የወሰንሁት እኔ ነበርሁ።

የስምሪት ሠራተኛ ስለነበርሁ ትእዛዝ የምቀበለውም መኪና የማስወጣውም እኔ ነኝ። ደንበኛው በየሳምንቱ ከሚወስደው 400 ኪሎ ወደ 700 እንዳሳድግለት ሲደውል፣ በረዶ መኖሩን ሳልጠይቅ እሺ አልሁት። የበረዶ ማሽኑ ሙሉ አቅሙን እንደማይሰጥ ዐውቅ ነበር። በጭነት ሰዓት የመጋዘን ኃላፊው በረዶው እንደማይበቃ፣ ግማሹን በማግሥቱ ብንልክ እንደሚሻል ነገሩኝ። እኔ ግን የሰጠሁትን ቃል ላለማጠፍ ስል፣ መኪናው ደብረ ማርቆስ ብርድ ውስጥ ስለሚያድር ይደርሳል ብዬ አስጫንሁ። በማግሥቱ ዓባይ በረሃን እንደሚያቋርጥ እያወቅሁ አላሰብሁበትም።

ደንበኛው ከቀኑ 8 ሰዓት ደወለልኝ። ለሥራ አስኪያጄ የነገርኋቸው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሌላ ገዢ ስፈልግ ነበር፤ መፍትሔ ይዤ ልቅረብ ብዬ ነው። ይህ ሁለተኛው ስህተቴ ነው፤ ወዲያው ነግሬያቸው ቢሆን አዲስ አበባ ባላቸው ሰው በኩል በረዶ አስጨምረው የተሻሉትን ሳጥኖች ሊያድኑ ይችሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ በስምሪት ቅጹ ላይ የተመዘነ በረዶ የሚጻፍበት መስመር እንዲገባ አቀረብሁና ተፈቀደ። የመጋዘን ኃላፊው ካልፈረሙበት መኪና አይወጣም፤ ፊርማቸውን እኔ መሻር አልችልም። በዚያው ዓመት ለፍልሰታ ጾም ያው ደንበኛ 600 ኪሎ ጠየቀ፤ በረዶው የሚበቃው ለ450 ነበር። 450 ልኬ ቀሪውን በሦስተኛው ቀን እንደምልክ ነገርሁት። አልተደሰተም፤ 150ውን ከሌላ ነጋዴ ገዛ። የላክሁት 450 ኪሎ ግን አንድም ሳጥን አልተመለሰም።»

በዚህ መልስ ላይ ጥቂት ነገሮችን ላብራራ። በምሽቶቹ ከነገረችኝ ዝርዝር ይልቅ ቁጥሮቹ ጥቂት ናቸው፤ የሳጥኑን ብዛት፣ የአንዱን ሳጥን ክብደት፣ የብሩን ኪሳራ አውጥተናል። የገንዘቡን መጠን ያወጣነው ለመደበቅ አይደለም፤ የቀድሞ ድርጅቷ የዋጋ ጉዳይ ስለሆነና ከተወዳደረችበት መሥሪያ ቤት ሰዎች መካከል ገበያውን የሚያውቅ ሊኖር ስለሚችል ነው፤ ከተጠየቀች «የድርጅቱ ጉዳይ ስለሆነ ብሩን ባልናገር እመርጣለሁ፤ ዓሣው ከዚያ ጭነት አንድ ሦስተኛ በላይ ነበር» እንድትል ተዘጋጅታለች። የደንበኛው ስምም በዚሁ ምክንያት የለም።

ስለ ደብረ ማርቆስና ስለ ዓባይ በረሃ የሚናገሩትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እሷ ልታወጣቸው ፈልጋ ነበር፤ ትርፍ ዝርዝር መሰሏት። እንዲቀሩ አጥብቄ ጠየቅሁ። አንድ ሰው ሲሳሳት በዚያን ሰዓት አእምሮው ውስጥ የነበረው ማሳመኛ ምን እንደነበር ካልተናገረ፣ ሰሚው ውሳኔውን እንደ ሞኝነት ይቆጥረዋል ወይም ጨርሶ አያምነውም። «ብርድ ውስጥ ያድራል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ሰው በችኮላ ራሱን የሚያሳምነው በእንዲህ ያለ ግማሽ እውነት ስለሆነ፣ ያን መንገድ የሚያውቅ ማንኛውም የኮሚቴ አባል ወዲያው ይረዳታል። መልሱ ከሌላ ሰው የተቀዳ አለመሆኑንም ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለውም።

የተለወጠውን አሠራር በተመለከተ የተጠነቀቅንበት አንድ ነገር አለ። «ከዚያ በኋላ ጠንቃቃ ሆንሁ» ማለት ለኮሚቴው ምንም አይነግረውም፤ ጥንቃቄ ከድካምና ከጥድፊያ ጋር አብሮ የሚጠፋ ነገር ነው። የፊርማው መስመር ግን እሷ ባትጠነቀቅም ይሠራል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ቀን የተናቀውን ቃል የተናገረው ሰው በሁለተኛው ጊዜ ሥልጣን ይዟል። ውድቀቱና ለውጡ በአንድ መገጣጠሚያ ላይ መገናኘታቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ ስህተቱ ማስጠንቀቂያን ማለፍ ሆኖ ሳለ ለውጡ የኮምፒውተር ሥልጠና መውሰድ ቢሆን ኖሮ፣ እጩዋ የራሷን ስህተት በትክክል አልተረዳችም ብዬ እጽፍ ነበር። የፍልሰታው ሙከራም ዋጋ አስከፍሏታል፤ ደንበኛው ቅር ተሰኝቷል፣ 150 ኪሎ ሽያጭ ቀርቷል። ይህን እንድታወጣው የመከሯት ጓደኞች ነበሩ። እኔ ግን ያለ ዋጋ የመጣ ለውጥ ሲነገረኝ በቀላሉ አላምንም፤ አዲሱ አሠራር ገንዘብ ባስቀረባት ቀንም ጸንቶ መቆየቱ ነው ማስረጃው።

ይህ አወቃቀር የማይሠራበትም ጊዜ አለ። ነገሩ በክርክር ወይም በዲሲፕሊን ኮሚቴ ገና እየታየ ከሆነ፣ በሰው አካል ላይ ጉዳት ደርሶበት ከሆነ ወይም የሌላን ሰው ምስጢር ሳያወጡ መናገር የማይቻል ከሆነ፣ ሌላ ታሪክ መፈለግ ይገባል። ያው ስህተት ሁለትና ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ከሆነ ደግሞ አንዱን ብቻ መርጦ «ተማርሁበት» ማለት ሐሰት ነው። እጩዋን ይህን በቀጥታ ጠይቄያታለሁ፤ ከዚያ በኋላ በበረዶ ምክንያት የተመለሰ ጭነት እንዳልነበረ ነግራኛለች።

የቃለ መጠይቁ ዕለት አራት የኮሚቴ አባላት ነበሩ። ጥያቄው የመጣው በሦስተኛ ተራ ነው። እንደነገረችኝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ስትናገር ሁለቱ አባላት ከወረቀታቸው ቀና ብለዋል፤ መካከሉ ላይ ቃላቱ በተለማመደችው ልክ አልመጡላትም፤ የፍልሰታውን ቁጥር አሳስታ ራሷን አርማለች። ቃል በቃል እንዳትሸመድደው የመከርኋት ለዚህ ነበር፤ የያዘችው ቅደም ተከተሉን እንጂ ዐረፍተ ነገሩን ስላልነበር ስትሳሳት አልጠፋባትም።

ሦስት ተከታይ ጥያቄዎች ቀረቡላት። የመጀመሪያው «ሥራ አስኪያጁ ጥገናውን ማዘግየታቸው ጥፋት አይደለም ወይ?» የሚል ነበር፤ እሷም ጥገናው መዘግየቱ እውነት መሆኑን፣ ነገር ግን ማሽኑ ደክሞ በነበረባቸው ሌሎች ሳምንታት 400 ኪሎ ያለ ችግር ሲላክ እንደነበር መለሰች። ሁለተኛው «ደንበኛው አዲስ አበባ ላይ አጭበርብሮ ቢሆንስ?» የሚል ሲሆን፣ የተመለሱት ሳጥኖች በሙሉ መጨረሻ ላይ የተሞሉት መሆናቸውን ከጭነት ቅደም ተከተሉ እንዳረጋገጠች ተናገረች። ይህን እኛ አልተለማመድነውም ነበር፤ እውነተኛ ታሪክ ሲሆን ላልታሰበ ጥያቄም መልሱ ከዚያው ይገኛል።

ሦስተኛውን የጠየቋት እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የቆዩት የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፦ «እኒያ የመጋዘን ኃላፊ ዛሬ እዚህ ቢቀመጡ ስለዚያ ቀን ምን ይሉናል?»

እጩዋ ጥቂት አሰበች። ከዚያም «ነግሬያት ነበር ይላሉ። በማግሥቱ መጥቼ ይቅርታ እንደጠየቅኋቸውም ይናገራሉ። ይቅርታውን ግን በሠራተኛው ፊት እንዳልጠየቅሁ ይጨምሩበታል፤ የተቃወምኋቸው በሠራተኛው ፊት ነበር» አለች። ይህን ለእኔም አልነገረችኝም ነበር።

ውጤቱ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳ ወጣ። በጽሑፍና በቃል ፈተናው ድምር ሁለተኛ ሆና በተጠባባቂነት ተይዛለች። ማስታወቂያውን ካየች በኋላ የሄደችው ወደ ቀድሞ ድርጅቷ ነው፤ በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሳጥን የሚሞሉት ሠራተኞች ሁሉ ባሉበት፣ የመጋዘን ኃላፊውን ይቅርታ ጠይቃቸዋለች።